metabgn ብላ ጻፈችልኝ፤ መጣብኝ ነው መታብኝ?

ትንሿ_እህት

ሰላም ናችሁ? ትናንት የሆነውን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ከታላቅ እህቴ ጋር በስልክ እየተጻጻፍን ነበር። ወሬው መሀል ላይ እንዲህ ብላ ላከችልኝ፦

```
ye gorebete lij metabgn. behuala edewlalehu
```

ከዚያ ዝም አለች። ብደውል አታነሳም።

እስቲ እናንተም እንደኔ ሆናችሁ አንብቡት። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቷ ልጅና የእህቴ ልጅ በኳስ ተጣልተው ነበር። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ስለዚህ ያነበብኩት «የጎረቤቴ ልጅ መታብኝ» ብዬ ነው። ደሜ ፈላ። የጎረቤቷ ስልክ ቁጥር ነበረኝ፤ ደወልኩና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያልሆነ ነገር ተናገርኩ።

ለካ እህቴ ያለችው «መጣብኝ» ነው! ልጁ ረስቶት የሄደውን ጃኬት ሊወስድ መጥቶ፣ በሩን ልትከፍትለት ተነስታ ነው። ሴትዮዋ አሁን እህቴንም እኔንም ሰላም አትልም።

ጥያቄዬ፦ በላቲን ስንጽፍ ተ እና ጠን የምንለይበት የታወቀ አጻጻፍ አለ ወይ? «በፊደል ጻፉ» እንዳትሉኝ። እህቴ ስልክ ከያዘች ጀምሮ በላቲን ነው የምትጽፈው። አሁን አትለወጥም።

ሳቂታው

በፊደል ጻፉ።

(ይቅርታ፣ አልቻልኩም።)

አስኳላ

እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው። አማርኛ ከዐረፍተ ነገሩ ይታወቃል። «ን» ካለ መታ ነው፣ ከሌለ መጣ ነው። `lijun meta` ካለ ልጁን መታ። `liju meta` ካለ ልጁ መጣ። እህትሽ ን አልጻፈችም። ስለዚህ መጣብኝ መሆኑን ማወቅ ነበረብሽ። ደግሞ ሰው ከመሳደብ በፊት ይጠየቃል።

ትንሿ_እህት

የመጨረሻው ልክ ነው። እሱን ተቀብያለሁ።

ቁልፍ_ሰሌዳ

አስኳላ፣ ግማሹ ልክ ነህ። ን ካለ መታ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ን ሲጠፋ ግን ምንም አይነግርህም። አማርኛ ተመቺውን ሳይጠራ ዝም ብሎ ያልፋላ። «ማን መታ?» ብለህ ብትጠይቀኝ «ልጁ መታ» እልሃለሁ። ን የለም፣ ዱላ ግን አለ። `man meta` ራሱ በላቲን ሲጻፍ ማን መጣ ይሁን ማን መታ አይታወቅም።

የዚህች ልጅ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ «ብኝ» አለበት። «እንግዳ መጣብኝ» እንላለን፣ «ልጄን መታብኝ» እንላለን። ሁለቱም ብኝን ይወዳሉ። ዐረፍተ ነገሩ ሁለቱንም እኩል ይሸከማል። ወሳኝ የሆነው ያለፈው ሳምንት ጠብ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ስህተቱ መራት። «ከአውዱ ይታወቃል» የምንለው ነገር አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንባቢው የጠበቀውን ያነባል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ላቲን ለጠ፣ ለቀ እና ለጨ የተለየ ፊደል የለውም። እነዚህ ድምፆች ከጉሮሮ ተገፍተው ነው የሚወጡት። ስለዚህ ጠ በ`t`፣ ቀ በ`k`፣ ጨ በ`ch` ላይ ይጫናሉ። ከሦስቱ በብዛት መውጫ በር ያገኘው ቀ ነው። `q` ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ስለነበር አንዳንዱ `qonjo` ብሎ ይጽፋል። ለጠ ግን እንዲህ የተለመደ ፊደል የለም።

በ1990ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ኮምፒውተር ላይ ፊደል መጻፍ ገና አስቸጋሪ በነበረ ጊዜ `SERA` የሚባል አጻጻፍ ወጥቶ ነበር። መላው በትልቅና በትንሽ ፊደል መለየት ነው፦

```
meTabN   መጣብኝ
metabN   መታብኝ
mta      ምታ
bEt      ቤት
```

ትልቁ `T` ጠ ነው፣ ትንሹ `t` ተ። ትልቁ `N` ኝ። ትልቁ `E` የቤ ድምፅ። ሳድስ ከሆነ አናባቢ አይጻፍም። ዛሬም በላቲን ቁልፎች እየመቱ ፊደል የሚያወጡ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ የዚህ ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ያልሽው «የታወቀ አጻጻፍ» አለ። ሰው ግን እርስ በርስ ሲጻጻፍ አይጠቀምበትም።

አስኳላ

በቃ ተፈታ! ጠን በ`T`፣ ቀን በ`q` እንጻፍ። ከዚያ በኋላ አንዱ ቃል ከሌላው ጋር አይምታታም።

ቁልፍ_ሰሌዳ

ቀስ በል። አንደኛ፣ ስልኩ ራሱ ያበላሽብሃል። የዐረፍተ ነገር የመጀመሪያዋን ፊደል ሳትጠይቀው ትልቅ ያደርጋታል። `Tefa` ብሎ የጀመረ መልእክት ጠፋ ነው ወይስ ተፋ? `T`ዋን ሰውየው ይጻፋት ስልኩ አታውቅም። `Tesfaye` ደውሏል ሲልህስ ጠስፋዬ ልትለው ነው?

ሁለተኛው ይበልጣል። ከ`t` ይልቅ የሚያስቸግረው `e` ነው። አንድ `e` ለግዕዙም፣ ለኃምሱም፣ ለሳድሱም ይሠራል። እኔን ያገኘኝን ልንገርህ። አንድ ጓደኛዬ ቤቱን ሳከራይለት እንዲህ ጻፈልኝ፦

```
kirayu nege yekefelal
```

እኔ «ኪራዩ ነገ ይከፈላል» ብዬ አነበብኩ። ማለትም አንድ ሰው ይከፍላል፣ ማን እንደሆነ ግድ የለኝም፣ ይመጣል ብዬ ቁጭ አልኩ። እሱ ለካ `kirayun` ለማለት ፈልጎ `n`ዋን በልቷታል። «ኪራዩን ነገ ይከፍላል»፣ ማለትም ተከራዩ ላንተ በእጅህ ይከፍላል፣ ቤት ጠብቀው ነው። ተከራዩ መጥቶ በሩን አንኳኩቶ ሄደ።

ይህን `T` አያድነውም። `q`ም አያድነውም። ይከፈላል እና ይከፍላል የሚለዩት በአንዲት ፈ እና ፍ ነው፤ እሷ ደግሞ `fe` ውስጥ ጠፍታለች። `mekefel`ም እንደዚሁ ነው፤ መክፈል ይሁን መከፈል አታውቅም። `kefel` ብቻ ብጽፍልህ ገንዘቡን ክፈል እያልኩህ ነው ወይስ የትኛው ክፍል ነው እያልኩህ?

ኮድ_ቀማሪ

ይህን ነገር በሥራ አውቀዋለሁ። በላቲን የተጻፈ አማርኛን ወደ ፊደል የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ሞክሬ ነበር። መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነው የገባሁበት።

`meta`ን እንውሰድ። `me` መ፣ ም ወይም ሜ ሊሆን ይችላል። `ta` ታ ወይም ጣ። ሦስት በሁለት ስድስት። ከስድስቱ መታ፣ መጣ እና ምታ ቃል ናቸው። ምጣ ግን አይደለም፤ መጣ ትእዛዙ «ና» ነውና። ስለዚህ `meta` ትእዛዝ ከሆነ ምታ ብቻ ነው። ይህቺን ሳገኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ `yekefelal` መጣ። `ye` ሦስት መልክ አለው፣ `ke` ስድስት (ከ፣ ክ፣ ኬ፣ ቀ፣ ቅ፣ ቄ)፣ `fe` ሦስት። ሃምሳ አራት አማራጭ፣ ከአንድ ቃል! አብዛኛው ትርጉም የለውም፣ መዝገበ ቃላት ያጠራዋል። ግን ይከፍላልና ይከፈላል ሁለቱም ተጣርተው ይቀራሉ። አራዳ ከሆንክ ይቀፍላልም አለ።

የቀሩትን ለመምረጥ ሁለት ነገር ነበረኝ። አንዱ የጎረቤት ቃል ነው። ከፊቱ ን ያለበት ስም ካለ ይከፍላልን ምረጥ፣ ከሌለ ይከፈላልን። ሌላው ድግግሞሽ ነው። ሰው በብዛት የሚጽፈውን ምረጥ። በዚህ ሕግ ከፊቱ ን የሌለበት `metabgn` ሁልጊዜ መጣብኝ ይወጣል። ለትንሿ እህት ትክክል ይሆንላት ነበር። እውነት የተመታበት ሰው ሲጽፍ ግን ፕሮግራሜ «እንግዳ መጣ» ብሎ ያረጋጋዋል። እዚያ ላይ ተውኩት።

ቃልዬ

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ስሜ ቃልኪዳን ነው። አንዱ ሰነድ ላይ `Kalkidan`፣ ሌላው ላይ `Kalekidan` ተብሎ ተጽፏል። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰው ናችሁ ብሎኝ ሦስት ጊዜ አመላልሶኛል። በ`q` ቢጻፍ ይሻላል እያላችሁኝ ነው?

ቁልፍ_ሰሌዳ

ቃልዬ፣ አይደለም! አሁን በ`q` ከጻፍሽው ሦስተኛ ሰው ትፈጥሪያለሽ።

ያንቺ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ የምናወራው አንድ አጻጻፍ ብዙ ቃል ሲሆን ነው። ያንቺ አንድ ስም ነው፣ ብዙ አጻጻፍ ያለው። ግን ምንጩ አንድ ነው። ያቺ `e` የመጣችው ከሳድሷ ል ነው። አንዱ ጸሐፊ ሳድስን ባዶ ይተዋል፣ ሌላው `e` ያስገባላታል። ደግሞ ስምሽን ተመልከቺው፤ ቃ እና ኪ ሁለቱም በ`k` ነው የተጻፉት። ሁለት የተለያዩ ድምፆች አንድ ልብስ ለብሰው አንድ ስም ውስጥ ተቀምጠዋል።

ቃልዬ

እሱን አስተውዬው አላውቅም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ግን ምን ልበለው?

ሳቂታው

«ሁለታችንም መጥተናል» በያቸው።

ጡረተኛው

ልጆች፣ እኛ በላቲን መጻፍ የጀመርነው ወደን አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሞባይሎቻችን ፊደል አልነበራቸውም። በኋላ ሲመጣ ደግሞ «በፊደል ከጻፋችሁ አንዱ መልእክት ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፣ ብር ይበላል» ተባልን። እኔ እስከ ዛሬ በዚያው ፍርሃት ነው በላቲን የምጽፈው። እውነት ነው?

ቁልፍ_ሰሌዳ

አባባ፣ እውነትም አለው፣ የተጋነነም ነው። በተራ የስልክ መልእክት በላቲን 160 ምልክት ይገባል። አንዲት የኛ ፊደል ከገባችበት ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ቁጥሩን ሲያዩት ከግማሽ በታች ነው።

ግን የኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ይይዛል። የትንሿን እህት መልእክት ቆጥሬዋለሁ። በላቲን ከነክፍተቱ 43 ምልክት ነው። «የጎረቤቴ ልጅ መጣብኝ። በኋላ እደውላለሁ» ብትለው 25 ነው። በዚህ ልክ ከሄድን 70ው ፊደል 120 ያህል የላቲን ምልክት ይተካል። ስለዚህ የሚጎድልብዎ ግማሽ አይደለም፣ ሩብ ያህል ነው። አጭር መልእክት ከሆነ ጭራሽ አይጎድልም፤ አንዱም አንድ፣ ሌላውም አንድ። በኢንተርኔት የሚላክ ከሆነ ደግሞ ይህ ቆጠራ የለም።

ጡረተኛው

ተባረክ። ይህን ሁሉ ዓመት በከንቱ ፈራሁ በለኛ።

አስኳላ

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር መጣን። በፊደል ይጻፍ። ፊደላችን እንደሚነበብ ይጻፋል፣ እንደሚጻፍ ይነበባል። በፊደል የተጻፈ አንድም ቃል አይምታታም።

ሰምና_ወርቅ

አይ አስኳላ። «ገና» ብዬ በፊደል ልጻፍልህ። በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» ያለው? «አለ»ስ? ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ልጁ ይሰማል» ብልህ፣ ልጁ ጆሮው ይሠራል ማለቴ ነው ወይስ ድምፁ እዚህ ድረስ ይደርሳል? ልዩነቱ መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን ደግሞ ጥብቀትን አይጽፍም። ስናነብ እኛው እናጠብቃለን።

እንዲያውም እዚህ ላይ ላቲኑ ይሻላል። `gena` ላልቶ፣ `genna` ጠብቆ። `ale` እና `alle`። ፊደሉን ሁለት ጊዜ መምታት ብቻ ነው።

ሳቂታው

`genna` ብሎ የጻፈ ሰው አይቼ አላውቅም። እንኳን ሁለት `n`፣ አናባቢም አንጽፍም። `slm ndet nsh` ነው ዘመኑ።

ሰምና_ወርቅ

እኔ እጽፋለሁ።

ሳቂታው

አንድ ሰው ተገኘ።

ቁልፍ_ሰሌዳ

ሰምና ወርቅ ልክ ነው፣ ግን ለኛዋ ጉዳይ አይረዳም። መጣም መታም ሁለቱም ይጠብቃሉ። `mettabgn` ብትጽፍ እዚያው ነን።

በነገራችን ላይ ፊደልን ከላቲን ጋር እኩል አታስቀምጡት። ፊደል በዋናነት አንድ ነገር ነው የሚተወው፣ ጥብቀትን። ላቲኑ ግን ጥብቀቱንም፣ ጠና ተንም፣ ቀና ከንም፣ አናባቢዎቹንም በአንድ ላይ ይተዋል። `negeru`ን እዩት። ነገሩ ላልቶ «ጉዳዩ»፣ ጠብቆ «ተናገሩ»። ይህን ፊደልም አይለየውም። ንገሩን ግን ፊደል ይለያል፤ በላቲን ሦስቱም አንድ ናቸው።

ትንሿ_እህት

እሺ፣ ትምህርቱን ወደድኩት። ግን እህቴን ምን ልበላት?

ኮድ_ቀማሪ

እኔ ከፕሮግራሙ የተማርኩት አንድ ነገር፣ ፊደሉን ከማስተካከል ቃሉን መቀየር ይቀላል። ጽፈሽ ስትጨርሺ ቃሉን እንደ ጠላትሽ አንብቢው። ሌላ ነገር ሊባል ከቻለ ሌላ ቃል ፈልጊ። `metabgn` ከማለት `lij beru lay ale` ብትል ማንም አይሰደብም ነበር። `meta` ከማለት `derese` ማለት ይቻላል። ደረሰ ከዱላ ጋር አይምታታም።

ቁልፍ_ሰሌዳ

እኔ ደግሞ የምለው፣ አስጊዋን አንዲት ቃል ብቻ በፊደል ጻፊያት። ሌላው በላቲን ይቅር። `ye gorebete lij መጣብኝ`። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ትንሿ_እህት

ደወልኩላት፣ አነበብኩላት። ቋንቋ መቀየሩ ያደክመኛል አለች፣ ቃል መፈለጉም ጊዜ ይፈጃል አለች። `T`ዋን ግን ወደደቻት። ከዛሬ ጀምሮ ጠ ሁልጊዜ በትልቁ `T` ነው ብላ ቃል ገብታለች። አሁን ራሱ `beTam amesegnalehu` ብላ ጽፋልኛለች። ኮራሁባት።

ቁልፍ_ሰሌዳ

ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። `T` ስታይ ጠ መሆኑን ታምኛለሽ። ትንሽ `t` ስታይ ተ መሆኑን የምታምኚው ግን እሷ አንዴም ካልረሳች ነው። አንዴ ከረሳች፣ ከዚያ በኋላ ትንሿ `t` እንደ ድሮው ናት።

አስኳላ

ተስፋ አታስቆርጣት እንጂ።

ትንሿ_እህት

ተመለስኩ። ድመቷ ታማባታለች። አሁን ይህን ላከች፦

```
dimetuan medhanit setehuat, tefach
```

ትንሽ `t` ነው። ስለዚህ ተፋች፣ መድኃኒቱን ተፍታዋለች ማለት ነው፣ አይደል?

አስኳላ

በትክክል። ሕጉ ሠራ!

ሳቂታው

ቆይ ቆይ። `setehuat`ን እዩት። ሰጠኋት አይደለም እንዴ? ጠዋ የታለች?

ትንሿ_እህት

ወይኔ።

ስለዚህ ድመቷ መድኃኒቱን ተፋች ወይስ ከቤት ጠፋች? እየደወልኩ ነው፣ አታነሳም። ጎረቤቷ ጋ እንዳልደውል ደግሞ ታውቃላችሁ።